የአምፖሉ ዕድሜ

ዋኘው ነገሩን ሁሉ ያበላሸው በአንድ ጣቱ ነው። በክፋት አይደለም፤ ክፋት ቢሆንማ ሰው አንዴ ረግሞት ይገላገል ነበር። ያበላሸው በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ስንት ቤት አፍርሶ አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅም።

እስራኤል አገር፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ኤን ጋኒም ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ሚክላት አለ። ሮኬት ሲተኮስ ሰው የሚሸሸግበት ምድር ቤት ነው። ሮኬት በሌለበት ጊዜ ግን የጎንደር ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ይውሉበታል። መስኮት የለውም፤ በሩ የባንክ ካዝና የሚያህል ብረት ነው፤ ማዝጋን የሚሉት፣ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለው አየር ማቀዝቀዣ፣ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ማንኮራፋት ይቀናዋል። ዋኘው የዚህ ቤት ኃላፊ ነው። ኃላፊ ሲባል ጠራጊው፣ ቁልፍ ያዡ፣ ቧንቧ ጠጋኙ፣ ወንበር ደርዳሪው ማለት ነው። ፕሮጀክተሩንም የሚያበራው እሱ ነው።

ይኸው ፕሮጀክተር ባለፈው ክረምት አንዲት ነርስ ስለ ስኳር በሽታ እያስረዳች ሳለ ግድግዳው ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ «አምፖሉን ይቀይሩ» ይላል። ነርሷ ዘጋችው። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉት ሽማግሌዎች የስኳር መድኃኒት ስም መስሏቸው «ይሄኛው ስንት ጊዜ ነው የሚዋጠው?» ብለው ጠየቁ። ዋኘው አፈረ። የሰፈሩን የአረጋውያን ማዕከል ሥራ አስኪያጅ አዲስ አምፖል ቢጠይቃት «እስከሚቀጥለው ዓመት በጀት የለም፤ ጽሑፉን ብቻ አጥፋልኝ» አለችው።

አጠፋላት። ሜኑ የሚባለውን ከፍቶ የአምፖሉን ሰዓት ፈለገ፤ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰዓት ይላል። ከሥሩ «ወደ ዜሮ መልስ» የሚል አለ። ያ የሚነካው አዲስ አምፖል ሲገባ ብቻ እንደሆነ መመሪያው ላይ አንብቧል። ቢሆንም ተጫነው። ዜሮ ሆነ። ጽሑፉም ጠፋ፤ አምፖሉ ግን ያው የትናንቱ አምፖል ነው። የሰባ ዓመት ሽማግሌ መታወቂያው ላይ ሃምሳ ተብሎ ቢጻፍለት ጉልበቱ አይመለስም፤ ይህን ደግሞ ከእኛ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ምስሉ ቀስ በቀስ ፈዘዘ፤ ነጩም ወደ ቢጫ ዞረ። ሰው ሁሉ ዓይኑ የደከመ እየመሰለው ዝም አለ። ዋኘውም ዝም አለ።

ሌላም ነገር ነበር። እሑድና ረቡዕ ባልቴቶቹ እዚያው ሚክላት ውስጥ ጥጥ ይፈትላሉ። ይዳመጣል፣ ይባዘታል፣ ይፈተላል፤ ብናኙ መስኮት በሌለው ቤት ወዴት ይሂድ? ፕሮጀክተሩ ሆዱ ሥር አየር የሚስብበት ማጣሪያ አለው፤ በየወሩ መጽዳት የሚገባው። ዋኘው ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተው መቼ እንደሆነ ቢጠየቅ «በቅርቡ» ይል ነበር። ያ «በቅርቡ» ሁለት ፋሲካ አልፎታል።

እንግዲህ በዚህ አገር አቆጣጠር 2016፣ ሐምሌ ላይ፣ ከኢየሩሳሌም አንድ ባለሥልጣን ሊመጣ ሆነ። ጎንደር ሆነው ተራ ከሚጠብቁት መካከል የማን ቤተሰብ ቀድሞ ወደዚህ ይምጣ የሚለውን ለሚወስነው ኮሚቴ ስም ከሚያቀርቡት አንዱ ነው። የጠራችው ዘመድ ጎንደር የቀረባቸው ሰዎች ማኅበር አስተባባሪ ሜይታል ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ግማሽ ዕብራይስጥ የሆነ፣ ልቧ ግን ሙሉ የሆነ ልጅ። ስድስት ወር ደጅ ጠንታ ነው አንድ ሰዓት ያስፈቀደችው። የዘጠኝ ቤተሰብ ፎቶ ከጎንደር አስልካ በአንዲት ጣት በምታህል ዲስክ ላይ አስገባችው። ዲስኩ ፕሮጀክተሩ ጀርባ ላይ ይሰካል፤ ኮምፒውተርም አያስፈልገውም።

ከዘጠኙ አንዷ የዋኘው እህት እንጉዳይ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ጎንደር በኪራይ ቤት ተቀምጣ ጠብቃለች። ሦስት ልጆቿን ይዛ ከገጠር ስትገባ ትንሹ ጡት ይጠባ ነበር፤ አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው። ለዚህ ቀን ብላ ልጆቹን ፎቶ ቤት ወስዳ፣ ፀጉራቸውን አስተካክላ፣ ለሁለቱ ጫማ ለምና አስነስታቸዋለች። በስልክ «ዋኜ፣ እኛን በደንብ አሳየን፤ ትንሹ ፈገግ ብሏል፣ ያን ይዩለት» ብላዋለች።

ሜይታል ቅደም ተከተሉን ስትጠይቀው ዋኘው የእህቱን ፎቶ መጨረሻ አደረገው። ቁልፉ በእጁ፣ ማሽኑ በእጁ፤ «የራሱን አስቀደመ» ከሚባል ቢሞት ይሻለዋል። ባለቤት ከእንግዳው ቀድሞ አይጎርስም። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከዘጠኙ የቀረው የእማማ ሸጋ ልጅ የታረቀ ፎቶ ዘግይቶ ደረሰ። እሱንም ከእህቱ በፊት አስገባው።

እማማ ሸጋ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እሳቸው ወደዚህ ሲመጡ ልጃቸው ታረቀ ጎንደር የቀረው ሃያ ዓመት ሲሞላው ነበር፤ አሁን አርባ ሊሆነው ነው። ለእንግዳው ክብር ብለው ለፕሮጀክተሩ ጥልፍ ልብስ ሠሩለት። ከላይ እስከ ታች ይሸፍነዋል፤ መስተዋቱ ብቻ ነው የሚታየው። ጠዋት ራሳቸው አለበሱትና «እንግዲህ ሙሽራ መሰለ» አሉ። ዋኘው ልብሱ የአየር መግቢያውንም መውጫውንም እንደደፈነው አየ። ማውለቅ ነበረበት። ግን የእማማ ሸጋን ጥልፍ እሳቸው ፊት እንዴት ያውልቅ?

ባለሥልጣኑ በሰዓቱ ደረሰ። ደከም ያለ፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። አርባ ሰው ተነሥቶ ተቀበለው። የብረቱ በር ብርሃን እንዳያስገባ ተዘጋ፤ መብራቱ ጠፋ። ሰውየው በዕብራይስጥ ተናገረ፤ ሜይታል አስተረጎመች።

«ወረቀታችሁ ቢሮዬ ውስጥ ሞልቷል» አለ፤ «ወረቀት ማንበብ ሰልችቶኛል። ፊት ልይ ብዬ ነው የመጣሁት። ዛሬ ያየሁትን ሰው ስሙ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ፊት ይዤ የምቀርበው ምልክት ያደረግሁበትን ነው። አንድ ሰዓት አለኝ።»

ዋኘው ይህን ሲሰማ የእህቱን ተራ በሐሳቡ ቆጠረ፤ ዘጠነኛ ናት። እጁ ግን ቁልፉን ተጫነ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቤተሰቦች አለፉ። ምስሉ ቢጫ ነው፤ ሰዎቹ ሁሉ የወባ በሽተኛ ይመስላሉ። ቢሆንም ይታያሉ። በየፎቶው አንድ ዘመድ ተነሥቶ ይናገራል፣ ያለቅሳል፤ ሰውየው ምልክት ያደርጋል። ዋኘው ከማሽኑ ጎን ቆሞ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር፤ ማራገቢያው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ፣ ሽቅብ እንደሚወጣ የጭነት መኪና ያቃስታል። በጥልፉ ላይ እጁን ቢያሳርፍ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ሰባተኛው ፎቶ እንደወጣ ግድግዳው ጠፋ።

ጨለማው ውስጥ የቀረችው አንዲት ቀይ ነጥብ ናት፤ ብልጭ ድርግም ትላለች። ዋኘው ያውቃታል። «ሞቀኝ» ማለቷ ነው። ማሽኑ ራሱን እንዳያቃጥል አምፖሉን አጥፍቶ ማራገቢያውን ብቻ እያሽከረከረ ነው። አምስት ስድስት ደቂቃ ቢተውት ራሱን አብርዶ ይመለሳል።

«ማንም እንዳይነካው!» አለ ዋኘው።

ግን ጋሼ ጎበዜ ቀድመውታል። ጋሼ ጎበዜ ሰጉላ በሚገኝ ፋብሪካ ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ማሽን ሲበላሽ መድኃኒቱ ነቅሎ መሰካት ነው ብለው ያምናሉ። ገመዱን ነቀሉት። ማራገቢያው ቀጥ አለ። ሙቀቱ ሁሉ አምፖሉ ውስጥ እንደታፈነ ቀረ። መልሰው ቢሰኩት ማሽኑ አንዴ ጮኾ ዝም አለ፤ የጋለ አምፖል እስኪቀዘቅዝ አይለኮስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ምነው!» አለ ዋኘው።

«እኔ'ኮ ልርዳ ብዬ ነው ልጄ።»

መብራት ተበራ። ሰውየው ሰዓቱን አየ። «ሀያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረኝ» አለ። ሜይታል ወደ ዋኘው ተጠግታ «ዋኘው፣ ማ ኮሬ? ምን ሆነ? አምፖሉ አዲስ ነው አይደል? ባለፈው አይቼዋለሁ፣ ሦስት መቶ ሰዓት ነው የሚለው» አለችው።

ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። «ሦስት ሺህ አራት መቶ ነው፤ ቁጥሩን የዋሸሁት እኔ ነኝ» ቢል ምን ይመጣበት ነበር? አርባ ሰው ያየው ነበር፤ እንደዚህ ያለ ቀን እሱ እንዳበላሸው ያውቁ ነበር። «ሙቀት ነው» አለ፤ እሱም እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ከውሸት የሚሻለው ለተናጋሪው ብቻ ነው።

«በሰደር፣ እሺ። እኔ ትምህርት ቤት ሄጄ ሌላ ማክሬን፣ ሌላ ፕሮጀክተር ልዋስ። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ያላ» ብላ ሜይታል ደረጃውን ሮጣ ወጣች። የብረቱ በር ከኋላዋ ተዘጋ።

ዋኘው ጥልፉን አወለቀ። ማሽኑን ገልብጦ የማጣሪያውን ክዳን ሲከፍት የወጣው ማጣሪያ አይመስልም፤ የተዳመጠ ጥጥ ነው፤ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ግራጫ። አንዷ ባልቴት አይታ «ውይ፣ የኛው ባዘቶ!» አለች፤ ሰው ሳቀ። ዋኘው አልሳቀም። በብሩሽ አራገፈው፣ ጠረገው፣ መለሰው። የውስጡን አቧራ ግን በብሩሽ አይደርስበትም። ማሽኑን ማዝጋኑ ሥር ወስዶ አሥር ደቂቃ አቆመው። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ አርባ ሰው እሱን ብቻ ያያል። በሩ ዝግ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው። ዋኘው በዕድሜው ብዙ ጠባብ ቦታ ገብቷል፤ እንዲህ ያለ ጠባብ ግን አይቶ አያውቅም።

በመጨረሻ በራ። ዋኘው በቶሎ ሜኑ ገብቶ ኃይሉን ዝቅ አደረገው፤ አምፖሉ በዝቅተኛ ኃይል ሲነድ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ማሽኑም ይዘልቃል። ግን ያረጀ አምፖል ዝቅ ሲል ምን ይቀረዋል? ግድግዳው ላይ የወጣው የሻይ ቅሪት የመሰለ ነገር ነው። ሰባተኛው ቤተሰብ ብዙ ስለነበር እንደምንም ተቆጠረ፤ ምልክት ተደረገ።

ስምንተኛው ታረቀ ነው። ለብቻው፣ ከጥቁር በር ፊት ቆሞ የተነሣ። ከበሩ አልለይ አለ።

«ማንን ነው የማየው?» አለ ሰውየው ዓይኑን አጥብቦ። «ይቅርታ፣ ምንም አይታየኝም። እንለፈው፣ ቀጣዩ።»

ቋንቋውን ያልሰሙት እማማ ሸጋ ነገሩን ከፊቱ ተረዱ። ብድግ አሉ። «ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ። «የኔ ልጅ ቀይ ነው። ዋኘው፣ ልጄን ምን አደረግህብኝ? ልጄን አውጣልኝ!»

የዋኘው አውራ ጣት መቆጣጠሪያው ላይ ነበረች። ቀጣዩን ቢጫን እንጉዳይ ትወጣለች። ከአራቱ ሰዎች ጀርባ ነጭ ግድግዳ ስላለ በዚህ ብርሃንም ይለያሉ፤ ይህን አስቀድሞ አስቦታል፤ ፎቶውን ሌሊት ሌሊት ሲያይ ነው የከረመው። ኃይሉን ወደ ሙሉ ቢመልስ ደግሞ ታረቀ ይወጣል። ማሽኑ ግን ገና አልበረደም፤ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ሁለቱም ይቻላል ብሎ ራሱን ሊያታልል አልቻለም። እንጉዳይን አስቀድሞ ወደ ታረቀ እንዳይመለስ፣ ሰውየው ሰዓቱን እያየ ነው፤ አንዴ ያለፈውን ፎቶ አይመለስበትም።

እማማ ሸጋ አሁንም እንደቆሙ ነው። ልብሱን በጠለፉበት በዚያው እጃቸው ወደ ግድግዳው ይጠቁማሉ። ጥፋቱ የእሳቸው መስሏቸው ሳይሆን የልጃቸው ፊት ስለጠፋባቸው ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቁልፉን የያዘው።

ዋኘው ኃይሉን ወደ ሙሉ መለሰው።

ታረቀ ከግድግዳው ወጣ። ቀይ ባይሆን እንኳ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ ግንባሩ፣ ጆሮው፣ ከቅንድቡ በላይ ያለው ጠባሳ። «እሰይ! እሰይ ልጄ!» አሉ እማማ ሸጋ፤ «ይሄ ጠባሳ ከፍየል ጋር ሲታገል ነው!» ጋሼ ጎበዜ በሰባራ ዕብራይስጣቸው አስተረጎሙ። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ስለ ፍየሏ ጠየቀ፤ እማማ ሸጋም ፍየሏን ከነቀለሟ፣ ከነባለቤቷ፣ ከነባለቤቲቱ ሟች ባል ታሪክ አወሩ። ማን ያቋርጣቸው? ዋኘው ማራገቢያው ሲያቃስት ይሰማል። «ይብቃ እማማ» እንዳይል ይሉኝታው ከለከለው። ሰውየው ምልክቱን አደረገ። ዋኘው ያኔውኑ ቀጣዩን ተጫነ።

ግድግዳው ላይ የነጭ ቀለም ጥግ፣ ከዚያም የአንድ ልጅ ጫማ ብቅ አለ። ወዲያው ጠፋ።

አሁን የምታበራው ነጥብ የሙቀቷ ብቻ አይደለችም፤ የአምፖሏም በርታለች። ማሽኑ ውስጥ ጠጠር የመሰለ ድምፅ ተሰማ። አምፖሉ ፈንድቷል። ከእንግዲህ ብናኝ ቢጠርጉ፣ ሰዓት ቢጠብቁ፣ ነቅለው ቢሰኩ ዋጋ የለውም።

መብራት ተበራ። ሰውየው ደብተሩን አጥፎ ተነሣ፤ ዘግይቷል፤ ጋኔይ ቲክቫ ሌላ ስብሰባ አለው። በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ዋኘው ዞሮ «የቀረ አለ?» አለው።

መልሱ በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ነው። ዋኘው ዕብራይስጡ ይበቃዋል። «እህቴ» ማለት ብቻ ነው። ግን አርባ ሰው ቆሟል፤ እማማ ሸጋ እጁን ይዘው ይስሙታል፤ እሱ ደግሞ በእጁ የሞተውን ማሽን ይዟል። ያበላሸው ሰው ተራ ይጠይቃል? «ቁጥሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ሳይል «እህቴ ቀርታለች» ማለት ሌብነት መሰለው። ጥፋቱን መናገር ደግሞ አልቻለም።

«የለም» አለ ዋኘው። «አልቋል።»

ሰውየው ጨበጠውና ወጣ።

አራት ደቂቃ እንኳ አልሆነም፣ ሜይታል የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ያዥ ስትፈልግ ቆይታ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች፤ የተዋሰችውን ፕሮጀክተር እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ላብ በላብ ሆና። ባዶውን ወንበር አየች። «የት ሄደ? ዋኘው፣ እንጉዳይስ? አሳየሃት?»

ዋኘው የተቃጠለውን ማሽን መደርደሪያው ላይ አኖረና ደረጃውን ወጣ። ውጭ ፀሐዩ ነጭ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የጎንደር ነው።

«ዋኜ! ምን አሉ? አዩን?»

ከኋላዋ ድምፅ ይሰማል፤ ልጆቹ ስልኩ ላይ ተረባርበዋል። ዋኘው «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ቃሉ ዝግጁ ነበር፤ እንደ ዜሮዋ አንድ ጣት ብቻ የምትፈልግ። ደክሞት ነበር፤ አልቻለም።

«አላሳየኋችሁም፣ እንጉዳይ። ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አምፖሉ እንዳረጀ እያወቅሁ ደበቅሁ። ተራሽ ሲደርስ ጠፋ። የቀረ አለ ሲሉኝም የለም አልኩ። እኔ ነኝ የለም ያልኩት።»

ከልጆቹ ራቅ አለች መሰል፣ ጫጫታው ጠፋ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎት «እንጉዳይ?» አለ።

«ከኛ በፊት የማን ነበር?»

«የእማማ ሸጋ። ታረቀ።»

«እሳቸውማ ትልቅ ሰው ናቸው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «ደግ አድርገሃል። ለትልቅ ሰው ይቀደማል።»

«እንጉዳይ፣ ስሚኝ...»

«ደግ አድርገሃል አልኩህ።»

ስልኩን ከጆሮዋ ስታርቀው ተሰማው። የትንሹ ድምፅ መጣ፤ «እማ፣ አዩን ወይ? እኔን አዩኝ?»

«አዩህ» አለች እንጉዳይ። «ሁላችሁንም አይተው፣ እንዴት ያምራሉ አሉ። በተለይ የሳቀው ልጅ ማነው ብለው ጠየቁ።»

ልጁ በደስታ ሲጮህ ዋኘው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ እሷ እስክትዘጋው ድረስ ቆሞ ሰማ።